ጌጁ 260፣ አውሮፕላኑ 300

አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ጠዋት ጅቡቲ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ ያርፋል እንበል። ክብደቱ በሁለቱም ቦታ እኩል ነው፤ ነፋስም የለም። አብራሪው ወደ ማኮብኮቢያው ሲቃረብ ሁለቱንም ጊዜ የፍጥነት ጌጁን በአንድ ቁጥር ላይ አጽንቶ ይይዛል፦ 140 ኖት ገደማ፣ ማለትም በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር። ጎማዎቹ መሬት በሚነኩበት ቅጽበት ግን አውሮፕላኑ ጅቡቲ ላይ በሰዓት 270፣ ቦሌ ላይ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር እየበረረ ነው። ጌጁ አልተበላሸም፤ አብራሪውም አልተሳሳተም።

ልዩነቱን የፈጠረው አየሩ ነው። አውሮፕላን የአየር ፍጥነቱን የሚያውቀው እንደ መኪና የጎማውን ዙር ቆጥሮ አይደለም። የሚያውቀው አየሩ ምን ያህል እንደገፋው ለክቶ ነው። አንድ ዓይነት ግፊት ደግሞ ከሁለት መንገድ ሊመጣ ይችላል፤ ወፍራም አየር በዝግታ ሲመታ፣ ወይም ስስ አየር በፍጥነት ሲመታ። የተለካው ግፊት ወደ እውነተኛ ፍጥነት እንዲቀየር የአየሩ እፍጋት መታወቅ አለበት። እፍጋት ሲባል በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ስንት ኪሎ ግራም አየር እንዳለ ማለት ነው።

መለኪያው የፒቶ ቱቦ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው መሐንዲስ ከሄንሪ ፒቶ ነው። ፒቶ እ.ኤ.አ. በ1732 በፓሪስ የሴን ወንዝን ፍጥነት የለካው ጫፉ የታጠፈ የመስታወት ቱቦ አፉን ወደ ወራጁ አዙሮ ውኃ ውስጥ በመንከር ነበር። ወራጁ በቱቦው አፍ ገብቶ ሲቆም ውኃው በቱቦው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወንዙ በፈጠነ ቁጥር የውኃው ዓምድ ይረዝማል። በዚያ ዘመን ወንዝ ወደ ታች በጠለቀ ቁጥር ይፈጥናል ተብሎ ይታመን ነበር። ፒቶ በዚህ ቀላል መሣሪያ እምነቱ ስህተት መሆኑን አሳየ።

ዛሬ በአውሮፕላን አፍንጫ አካባቢ ወደ ፊት ተቀስሮ የሚታየው አጭር የብረት ቱቦ የዚያ መሣሪያ ተወላጅ ነው። ፊት ለፊት ያለው ቀዳዳ የሚመጣውን አየር አስቁሞ ሙሉውን ግፊት ይቀበላል። ሌሎች ትናንሽ ቀዳዳዎች ደግሞ በቱቦው ጎን ወይም በአውሮፕላኑ አካል ላይ አሉ። አየሩ እነዚህን ተንሸራቶ ስለሚያልፋቸው የሚሰማቸው የአካባቢውን የአየር ግፊት ብቻ ነው። ጌጁ የሚያሳየው የሁለቱን ልዩነት ነው። ልዩነቱ አውሮፕላኑ ስለተንቀሳቀሰ ብቻ የተፈጠረው ግፊት ሲሆን በሚጓዝ አውቶቡስ መስኮት መዳፉን የዘረጋ ሰው እጁ ላይ የሚሰማው ዓይነት ነው።

ግፊቱን ከፍጥነት ጋር የሚያያይዘው ቀመር አጭር ነው።

```
Δp = ½ × ρ × v²
v  = √(2 × Δp ÷ ρ)
```

እዚህ ላይ Δp በፓስካል የሚለካው የግፊት ልዩነት፣ ρ የአየሩ እፍጋት፣ v ደግሞ በሰከንድ በሜትር የሚለካው ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ በስኩዌር መግባቱን ልብ ማለት ያሻል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነት ሲቀንስ ደግሞ ግፊቱ እጅግ በፍጥነት ይሟሽሻል። በሰከንድ 10 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር በሚጓዝ አውሮፕላን ላይ ቦሌ ላይ የሚፈጠረው ልዩነት 46 ፓስካል ገደማ ብቻ ነው። ይህ የአካባቢው አየር ግፊት አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። አውሮፕላን መንደርደር ሲጀምር ጌጁ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ የሚቆየው ለዚህ ነው።

ቀደምት ጌጆችን የሠሩ ሰዎች አንድ ውሳኔ ላይ መድረስ ነበረባቸው። ጌጁ ግፊቱን ይለካል እንጂ እፍጋቱን አያውቅም። ስለዚህ አንድ ቋሚ እፍጋት ተመረጠለት፦ በሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ግራም። ይህ በባህር ጠለል ላይ፣ የአየር ግፊቱ 1013.25 ሄክቶፓስካል፣ ሙቀቱም 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ያለው የደረቅ አየር እፍጋት ነው። ጌጁ በዓለም ላይ የትም ይሁን የት በዚያ አየር ውስጥ እንዳለ ቆጥሮ ያነብባል። አብራሪዎች በጌጁ ላይ የሚነበበውን ፍጥነት ከእውነተኛው የአየር ፍጥነት ለይተው የሚጠሩትም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቦሌ እንመለስ። አየር ማረፊያው ከባህር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በአንድ ከሰዓት በኋላ በማኮብኮቢያው ላይ ያለው የአየር ግፊት 770 ሄክቶፓስካል፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ነው እንበል፤ ሁለቱም ለአዲስ አበባ እንግዳ ያልሆኑ ቁጥሮች ናቸው። እፍጋቱ የሚገኘው ግፊቱን ለሙቀቱና ለአንድ ቋሚ ቁጥር ብዜት በማካፈል ነው። ቋሚው ቁጥር ለደረቅ አየር 287.05 ነው።

```
ρ = P ÷ (287.05 × T)
```

በዚህ ቀመር ግፊቱ በፓስካል፣ ሙቀቱ በኬልቪን መግባት አለበት። 770 ሄክቶፓስካል 77,000 ፓስካል ነው። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 273.15 ሲደመር 293.15 ኬልቪን ይሆናል። 287.05 በ293.15 ሲባዛ 84,149 ገደማ ይመጣል፤ 77,000 ለዚህ ሲካፈል 0.915 ይሆናል። ስለዚህ የቦሌ አንድ ሜትር ኩብ አየር 915 ግራም ነው። ጌጁ ካሰበው ከ1,225 ግራም አንድ አራተኛው ያህል ጎድሎበታል ማለት ነው።

ኬልቪንን ረስቶ በ20 ያካፈለ ሰው ስህተቱን ወዲያው ያውቀዋል፤ መልሱ በሜትር ኩብ 13 ኪሎ ግራም ይሆንበታል። ሰው በሚኖርበት ስፍራ አየር ከአንድ ኪሎ ግራም ብዙ አይርቅም። ይህን አንድ ነገር በአእምሮ መያዝ ከብዙ የስሌት ስህተት ያድናል።

ቱቦው የለካው የግፊት ልዩነት 3,200 ፓስካል ይሁን። የሱ እጥፍ 6,400 ነው። 6,400 ለ1.225 ተካፍሎ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ በሰከንድ 72.3 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ ጌጁ የሚያሳየው ይህን ነው። ያው 6,400 ለ0.915 ሲካፈል ግን ስኩዌር ሩቱ በሰከንድ 83.6 ሜትር ይሆናል፤ በሰዓት 301 ኪሎ ሜትር። ለጅቡቲ ደግሞ ግፊቱ 1008 ሄክቶፓስካል፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ነው ብለን በዚያው መንገድ ስናሰላ እፍጋቱ 1.14፣ ፍጥነቱ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ሆኖ ይገኛል። የጅቡቲ ሙቀት አየሩን በእርግጥ ያሳሳል፤ ነገር ግን የአዲስ አበባ ከፍታ ከዚያ እጅግ የበለጠ ያሳሳዋል። ቦሌ ላይም ቢሆን ጠዋት በ8 ዲግሪና ከቀትር በኋላ በ25 ዲግሪ መካከል የሚኖረው የፍጥነት ልዩነት በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

እርጥበትስ? የውኃ ተን ከደረቅ አየር ይቀልላል፤ ስለዚህ እርጥብ አየር በትንሹ ስስ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀትና መካከለኛ እርጥበት ግን ፍጥነቱን የሚለውጠው በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለዚህ ዓይነት ስሌት ቢዘለል የሚጎዳ ነገር የለም።

ሊዘለል የማይገባው ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ጀማሪዎችም የሚሰናከሉት እዚያ ላይ ነው። የአየር ማረፊያዎች የአየር ሁኔታ ዘገባ በስልክም ሆነ በኮምፒውተር በቀላሉ ይገኛል። የቦሌው `HAAB` በሚለው መለያ ይጀምርና በውስጡ `Q1023` የመሰለ ቁጥር ይዞ ይመጣል። ይህ በሄክቶፓስካል የተጻፈ ግፊት ነው። ነገር ግን ማኮብኮቢያው ላይ ያለው ግፊት አይደለም። ወደ ባህር ጠለል ቢወረድ ይኖር ነበር ተብሎ የተሰላ ነው፤ የሚሰጠውም አብራሪዎች የከፍታ መለኪያቸውን እንዲያስተካክሉበት ነው።

ያን ቁጥር እንዳለ ወደ እፍጋት ቀመር ያስገባ ሰው 1.216 ያገኛል፤ ከእሱም ተነስቶ የቦሌው አውሮፕላን በሰዓት 261 ኪሎ ሜትር እየበረረ ነው ይላል። ስህተቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነው። ክፋቱ ደግሞ መልሱ ከጌጁ ቁጥር ጋር ስለሚገጥም ትክክል መምሰሉ ነው። የኬልቪኑ ስህተት ራሱን ያጋልጣል፤ ይኼኛው ግን ራሱን ይደብቃል። መለያ ምልክቱ አንድ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ውስጥ እፍጋት ከ1.2 በላይ ከወጣ ግፊቱ የተወሰደው ከባህር ጠለል ነው። እውነተኛውን ለማግኘት ለቦሌ ከፍታ የዘገባውን ቁጥር በ0.7526 ማባዛት በቂ ነው፤ 1023 በዚህ ሲባዛ 770 ይሰጣል። ባሮሜትር ያለው ስልክ የያዘ ሰው ደግሞ ቆሞ ያለበትን ግፊት በቀጥታ ማንበብ ይችላል።

እንግዲህ ጌጁ በአርባ ኪሎ ሜትር የሚሳሳት ከሆነ አብራሪው ለምን እውነተኛውን ፍጥነት ትቶ እሱን ይከተላል? መልሱ የዚህ ሁሉ ነገር እምብርት ነው። ክንፍ አውሮፕላኑን የሚሸከመው ቱቦው በለካው በዚያው ግፊት ነው፤ በግማሽ እፍጋትና በፍጥነት ስኩዌር ብዜት። የቦሌ አየር ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ተመሳሳይ ክብደት ለመሸከም የግድ መፍጠን አለበት፤ ጌጁም በስህተቱ መጠን ልክ ዝቅ አድርጎ ስለሚያነብ ሁለቱ ይጣጣማሉ። በጅቡቲ በ140 ኖት በደህና የሚያርፍ አውሮፕላን በቦሌም በጌጁ 140 ኖት በደህና ያርፋል። አብራሪው በየከተማው አዲስ ቁጥር መሸምደድ አይኖርበትም። ይህ የመሣሪያው ጉድለት ሳይሆን በአቪዬሽን ውስጥ ካሉ ምርጥ ውርሶች አንዱ ነው።

ማኮብኮቢያው፣ ጎማውና ፍሬኑ ግን የጌጁን ቁጥር አያውቁም። እነሱን የሚያገኛቸው እውነተኛው ፍጥነት ነው። የፊት ነፋስ ካለ ይቀነስለታል፤ የኋላ ነፋስ ካለ ይጨመርበታል። ፍሬን ማጥፋት ያለበት የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነት ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ ነፋስ በሌለበት በቦሌ ያረፈው አውሮፕላን በጅቡቲ ካረፈው ራሱ አውሮፕላን በሩብ ያህል የበለጠ ጉልበት ይዞ መሬት ይነካል። ጎማም ተሠርቶ ሲወጣ የፍጥነት ጣሪያ አለው፤ ያ ጣሪያ የሚቆጠረው በመሬት ላይ በሚሮጠው ፍጥነት ነው። በደጋ አየር ማረፊያዎች ረጅም ማኮብኮቢያ የሚያስፈልገውና ከመነሳት በፊት ግፊቱና ሙቀቱ ተሰልቶ የጭነት ልክ የሚወሰነው በዚህ ምክንያት ነው።

እስካሁን የተጠቀምንበት ቀመር አንድ ነገር በዝምታ አሳልፏል፤ አየር ሲገፋ አይታመቅም ብሎ ቆጥሯል። በማረፊያ ፍጥነት ይህ ብዙ አያሳስትም፤ ቦሌ ላይ ያገኘነው 301 በትክክለኛው ቀመር 299 ይሆናል። ከፍ ብሎ በፍጥነት ሲበረር ግን ነገሩ ይለወጣል። በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ በመደበኛ አየር፣ በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት ቱቦው ውስጥ 11,870 ፓስካል ያህል ልዩነት ይለካል። የዚያ ከፍታ እፍጋት 0.364 ነው። በቀላሉ ቀመር ሲሰላ ፍጥነቱ በሰዓት 919 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ ወደ 70 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ትርፍ። ቱቦው ፊት የሚቆመው አየር ስለሚታመቅ ግፊቱ ቀላሉ ቀመር ከሚጠብቀው በላይ ይሆናል።

ሙቀቱም በዚያ ፍጥነት ያታልላል። አየር ቴርሞሜትር ላይ ሲቆም እንቅስቃሴው ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ይህ 28 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ውጭ ያለው አየር ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ሆኖ ሳለ መለኪያው ከዜሮ በታች 28 ገደማ ያነብባል። በዚያ ቁጥር እፍጋት ያሰላ ሰው አየሩን ከእውነቱ ይልቅ ስስ አድርጎ ይገምታል። በዘመናዊ አውሮፕላን ውስጥ ሁለቱንም የሚያርመው ኮምፒውተር ነው፤ ከቱቦው፣ ከጎን ቀዳዳዎቹና ከቴርሞሜትሩ የመጡትን ቁጥሮች አንድ ላይ አስልቶ ለአብራሪው ሁለቱንም ፍጥነቶች ያሳየዋል።

ኮምፒውተሩ ሊያርመው የማይችለው ነገር ቱቦው ራሱ ሲዘጋ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 1996 የቢርገንኤር ኩባንያ ቦይንግ 757 አውሮፕላን ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ከፖርቶ ፕላታ ተነሳ። አውሮፕላኑ ለሳምንታት ቆሞ ነበር፤ መርማሪዎች የካፒቴኑን ጌጅ የሚመግበው የፒቶ ቱቦ ሳይሸፈን በቆየበት ጊዜ ጭቃ ለቃሚ ተርብ ጎጆ እንደሠራችበት ጠርጥረዋል። ካፒቴኑ ገና በመንደርደር ላይ ሳለ ጌጁ እንደማይሠራ አይቶ ነበር፤ ሆኖም አላቋረጠም።

አየር ላይ ሲወጡ የሞተ የመሰለው ጌጅ ነፍስ ዘራ፤ ቁጥሩም እየጨመረ ሄደ። ምክንያቱን ከላይ ካየነው ቀመር ማግኘት ይቻላል። በተዘጋው ቱቦ ውስጥ የመሬቱ ግፊት ታፍኖ ቀርቷል። አውሮፕላኑ ከፍ ባለ ቁጥር በጎን ቀዳዳዎቹ የሚገባው የውጭ ግፊት ይቀንሳል፤ በባህር ጠለል አጠገብ በየ100 ሜትሩ 1,200 ፓስካል ገደማ። ልዩነቱ ስለሰፋ ጌጁ ፍጥነት የጨመረ ይመስለዋል። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ቱቦ ያለው አውሮፕላን ከባህር ጠለል 1,000 ሜትር ብቻ ሲወጣ፣ እውነተኛ ፍጥነቱ ምንም ይሁን ምን፣ ጌጁ በሰዓት ከ480 ኪሎ ሜትር በላይ ያሳያል። የፍጥነት መለኪያው ከፍታ መለኪያ ሆኗል ማለት ነው። የቢርገንኤሩ የካፒቴን ጌጅ ከ300 ኖት በላይ አነበበ፤ ከዚያው ጌጅ መረጃ የሚቀበለው አውቶፓይለትም ፍጥነት ለመቀነስ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና አደረገ። በእውነቱ አውሮፕላኑ እየዘገየ ነበር። የረዳት አብራሪው ጌጅ ቁጥሩ እየወረደ መሆኑን ያሳይ ነበር። ክንፉ መሸከም አቅቶት አውሮፕላኑ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት 189 ሰዎች በሙሉ ሞቱ።

ከዚህ አደጋ የሚወሰደው የመለያ ዘዴ ግልጽ ነው። በመውጣት ላይ ሳለ ከከፍታው ጋር እኩል የሚያድግ፣ በመውረድ ላይ ደግሞ ከከፍታው ጋር የሚወርድ ፍጥነት ከተዘጋ ቱቦ የመጣ ነው። ሁለት ጌጆች በመንደርደር ላይ፣ ገና ማቆም በሚቻልበት ፍጥነት ካልተስማሙ መነሳት የለም። አየር ላይ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ ምስክር ይጠየቃል፤ የሞተሩ ኃይልና የአፍንጫው ቀና ማለት ምን ፍጥነት ሊሰጡ እንደሚገባ በሰንጠረዥ ይታወቃል፤ ከሳተላይት የሚመጣው የመሬት ፍጥነትም አለ።

ያ የሳተላይት ቁጥር ግን በእፍጋቱ ልክ ካልተመነዘረ ራሱ ያሳስታል። ቦሌ ላይ ነፋስ በሌለበት ቀን ጌጁ 140 ኖት፣ የሳተላይቱ መሣሪያ 162 ኖት ቢያሳዩ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሁለቱም 140 ካሉ ነው ሊያሳስብ የሚገባው፤ ያኔ ወይ 22 ኖት የፊት ነፋስ አለ፣ ወይ ጌጁ ከሚገባው በላይ እያነበበ ነው።